የሐኪሙ ቃል ሳይቀየር ትርጉሙ ለምን ተቀየረ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በማኅበር ዶሮ የምናረባ ወጣቶች ነን። አንድ የእንስሳት ሐኪም ደሴ ላይ ስለ ፈንግል ክትባት የሰጡንን ትምህርት በስልኬ ቀርጬው ነበር። 46 ደቂቃ ነው። ቃል በቃል ጽፌ 12 ስላይድ ያለው ካሮሴል ሠራሁና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ሰው ግን ‹ይሄ ምንድነው?› ነው የሚለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ አንዱን ስላይድ ብቻ አይታ ክትባቱን በቧንቧ ውሃ በጥብጣ አጠጣች። የሐኪሙን ቃል አንድም አልቀየርኩም። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የተሳሳትሽው እዚያው ላይ ነው፤ ቃሉን ሳትቀይሪ በመጻፍሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። ደሴ ላይ የተቀረጹ ንግግሮችን ወደ ስላይድ መቀየር የእኔ የዘወትር ሥራ ነው። ጠንቃቃ ሰው የሚስተውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የተናጋሪውን ቃል ማክበርና የተናጋሪውን ሐሳብ መጠበቅ አንድ ይመስላሉ። ግን አይደሉም።

ቀረጻውን ሰምቼ፣ የጻፍሽውን ግልባጭና 12ቱን ስላይዶች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ጎረቤትሽን ያሳሳታት 7ኛው ስላይድ ነው። እንዲህ ይላል፦

«እሱን ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጣችሁ ነው የምትሰጧቸው።»

ሐኪሙ በ19ኛው ደቂቃ ላይ ያሉት ይህንኑ ነው። አንቺም አልጨመርሽም፣ አልቀነስሽም። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ግን ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማው ብቻውን አልነበረም። ሐኪሙ በእጃቸው ብልቃጥ ይዘው ነበር። ስለዚህ «እሱን» ሲሉ ምኑን እንደሆነ ሁሉም አይቷል። ከስምንት ደቂቃ በፊት ስለ ክሎሪን ተናግረው ነበር። ስለዚህ «በውሃ» ሲሉ የትኛውን ውሃ እንደሆነ ሰሚው ያውቃል። ስላይዱ ላይ ብልቃጡም የለም፣ ስምንት ደቂቃውም የለም።

«ጠዋት ጠዋት» የሚለውንም ልብ በይ። ሐኪሙ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ማለዳ ላይ ስጡ ማለታቸው ነው። ድምፃቸውን ስትሰሚ ይገባል። ወረቀት ላይ ስታነቢው ግን «በየቀኑ ጠዋት» ይመስላል። በአንድ ቀን የሚያልቅን ክትባት ሳምንት ሙሉ ልትሰጥ የምትነሳ ሰው ብትኖር አይፈረድባትም።

ካሮሴል ስትሠሪ፣ ሰው ከ1 ጀምሮ እስከ 12 በተራ ያነበዋል ብለሽ ነው የምታስቢው። ቴሌግራም ላይ እንደዚያ አይሆንም። ሰው ከመሃል አንዷን ፎቶ ይይዝና ለእህቱ ያስተላልፋታል። ጎረቤትሽ ጋ የደረሰችውም 7ኛዋ ብቻ ነች። ሌላም አለ። ቴሌግራም በአንድ ልጥፍ የሚያቅፈው 10 ፎቶ ነው። 12 ስትልኪ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተቆርጠው ለብቻቸው ይወጣሉ። ስለ ውሃው የምታስጠነቅቀው ስላይድሽ ደግሞ 11ኛዋ ነበረች። ልጥፉን እስከ ጫፍ ያየ ሰው እንኳ ሳያገኛት ቀርቷል ማለት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ስላይድ ብቻውን ሰው ቤት እንደሚገባ አድርገሽ ጻፊው። ማስጠንቀቂያው ሌላ ስላይድ ላይ ካለ፣ እዚህኛው ላይ የለም ብለሽ ቁጠሪው።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ በዚያችው 7ኛ ስላይድ ላይ ላሳይሽ።

መጀመሪያ ወደ ግልባጩ ተመለሺ። ግልባጭሽ ጥሩ ነው፣ ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። ደቂቃ አልጻፍሽበትም። ተናጋሪው በእጁ ያሳየውንም አልጻፍሽም። ሐሳቡ በተቀየረ ቁጥር ዳር ላይ ደቂቃውን ጻፊ። «ይሄ»፣ «እሱ»፣ «እንደዚህ አድርጋችሁ»፣ «ቅድም እንዳልኩት» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ደግሞ አጠገባቸው በቅንፍ ምን እንደሆነ ሙይ፦ ብልቃጡን አሳዩ፣ ጠብታውን ዓይኑ ላይ አደረጉ፣ ወዘተ። ይህን በማግስቱ ካልሠራሽው በሳምንቱ አንቺም ትረሺዋለሽ። 46 ደቂቃ ንግግር በዚህ መልክ መጻፍ እኔን ሦስት አራት ሰዓት ይወስድብኛል። ከሥራው ሁሉ ረጅሙም ይኸው ነው።

ከዚያ አትቁረጪ። ብዙ ሰው ግልባጩን ከላይ ወደ ታች እያነበበ «ይቺ ጥሩ ነች» ያላትን ዓረፍተ ነገር እያነሳ ስላይድ ያደርጋል። አንቺም እንዲያ ነው ያደረግሽው። እኔ ግን ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አልፈልግም። አንዱን ጉዳይ እይዝና ስለዚያ ጉዳይ የተባለውን ሁሉ ከየደቂቃው እሰበስባለሁ። ስለ ውሃው ከ46 ደቂቃው ውስጥ ሦስት ቦታ አገኘሁ።

በ11ኛው ደቂቃ፦ «ውሃ ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም። የቧንቧው ክሎሪን አለው፤ ክሎሪኑ ይገድለዋል።»

በ19ኛው ደቂቃ፦ «እሱን ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጣችሁ ነው የምትሰጧቸው።»

በ38ኛው ደቂቃ፣ ጥያቄና መልሱ ላይ፣ አንዲት እናት ተነስተው «እኛ ሰፈር ከቧንቧ ሌላ ውሃ የለም፤ ታዲያ ምን ይሁን?» ይላሉ። ሐኪሙም «አፍሉትና ይቀዝቅዝ። ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ ለብ ያለም አልፈልግም» ብለው ይመልሳሉ።

ይህን ሦስተኛውን ካንቺ ስላይዶች በአንዱም ላይ አላገኘሁትም። ጥያቄና መልሱን እንዳለ ዘለሽዋል። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ንግግሩ አልቋል ብሎ ያስባል። እኔ ግን ቀረጻ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄና መልሱን ነው። ጠያቂዎቹ በየቤታቸው የሚቸገሩበትን ይዘው ነው የሚነሱት፤ ስላይድሽን የሚያነቡትም እነሱን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። የእኚያ እናት ጥያቄ ባይኖር «በቧንቧ ውሃ አትበጥብጡ» የሚለው ቃል ከቧንቧ ሌላ ውሃ ለሌለው ሰው ባዶ ክልከላ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሦስቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥኩ በኋላ ግልባጩን ዘግቼ በራሴ ቃል እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነበር፦

«የፈንግልን ክትባት በቧንቧ ውሃ እንዳለ አትበጥብጡ።»

ትክክል ነው። ግን ስልክ ላይ ሳየው አልወደድኩትም። ምክንያቱም የአማርኛችን ጠባይ ነው፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «አድርጉ» ይሁን «አታድርጉ» የምናውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ይህን ርዕስ በትልቅ ፊደል ስትጽፊው ለሁለት መስመር ይሰበራል። የላይኛው መስመር «የፈንግልን ክትባት በቧንቧ ውሃ» ይላል፤ «እንዳለ አትበጥብጡ» ታች ይወርዳል። በጣቱ እየገፋ የሚያልፍ ሰው የላይኛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ይዞ የሄደው ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው።

ስለዚህ ርዕሱን ከክልከላ ወደ ምክንያት ቀየርኩት፦

«ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ
የፈንግልን ክትባት ይገድላል»

እስኪ የትም ላይ አቋርጪው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ብታቆሚ ማንንም አያሳስትም። ሁለቱንም ካነበብሽ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጭምር ታውቂያለሽ። ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል ይህ ይገባል፦

«ክትባቱን የምትበጠብጡት ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ከቧንቧ ሌላ ውሃ ከሌላችሁ የቧንቧውን አፍልታችሁ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ለብ ያለም አይሁን።»

ይኸው ነው። «እሱን» የለም፤ ክትባቱ በስሙ ተጠርቷል። «ጠዋት ጠዋት» የለም፤ ማለዳ ላይ ይሰጥ የሚለው ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ሌላ ስላይድ ሄዷል። ምክንያቱ አለ። ሌላ ውሃ የሌለው ሰው የሚያደርገውም አለ። ከርዕሱ ጋር 30 ቃል አይሞላም። እኔ ከ35 ቃል በላይ የሆነ ስላይድ ሲገጥመኝ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ጉዳይ ተጋግሮበት አገኘዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ላንሳ፤ ዓረፍተ ነገር ከመሃል መቁረጥ እንዴት እንደሚጎዳ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ የጤና ተቋም ስለ ደም ግፊት የተሰጠ ንግግር ላከልኝ። ተናጋሪዋ ነርስ «ግፊቱ ከወረደ መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ይህ ስህተት ነው» ብለዋል። ስላይዱን ከእኔ ጋር የሚሠራ ልጅ አዘጋጀው። ዓረፍተ ነገሩ ረዘመበትና «ግፊቱ ከወረደ መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል» የሚለውን በትልቁ አወጣው። ቀሪው ቀጣዩ ስላይድ ላይ ነበር። እኔም አየሁት፣ አለፍኩት። ተቋሙም አየው፣ አለፈው። ከተለጠፈ በኋላ ነው አንድ አንባቢ ደውሎ «እውነት ማቆም ይቻላል?» ያለው። የዚያን ቀን በጣም ደነገጥኩ። የሌላ ሰውን የተሳሳተ አመለካከት አንስተን ስንናገር «ብለው»፣ «ይላሉ»፣ «የሚባለው» የሚሉት ቃላት የሚመጡት ከኋላ ነው። ከነሱ በፊት ከቆረጥሽው፣ ተናጋሪው የተቃወመውን ነገር ራሱ የተናገረው ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ግልባጭ ላይ እነዚህን ቃላት በቀይ አከባቸዋለሁ፤ ከፊታቸው ያለውን ዓረፍተ ነገር ርዕስ አላደርገውም።

ያንቺም ግልባጭ ውስጥ አንድ አለ። 26ኛው ደቂቃ ላይ «ፈንግል ሲገባ አንቲባዮቲክ ይዘው የሚሮጡ አሉ፤ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም» ይላሉ። 9ኛው ስላይድሽ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ይህንንም እንዳለፈው ገልብጪው፦ «ፈንግል ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ አያድነውም።» የሚሮጡትን ሰዎች ማንሳት አያስፈልግሽም።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ። ስላይድ መሆን የማይገባቸው ነገሮች አሉ።

ሐኪሙ «ውሃውን ቀድማችሁ ከልክሏቸው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠሙ» ብለዋል። ዓላማው ግልጽ ነው። ዶሮዎቹ ከጠሙ ክትባት ያለበትን ውሃ ቶሎ ይጠጡታል። ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ ከቆየ ክትባቱ ይሞታል። ግን ይህ የተነገረው ደሴ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጠዋቱ ብርድ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለሻል። ሙቀቱን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በሙቀት ቦታ ዶሮን ያን ያህል ማስጠማት አይገባም፤ ይጎዳል። በሙቀት ጊዜ የጥሙ ሰዓት አጭር መሆን አለበት። ሐኪሙ ኮምቦልቻ ሆነው ቢናገሩ ሌላ ቁጥር ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያንን ቁጥር ግን እኔም አንቺም ልንጽፈው አንችልም፤ እሳቸው ናቸው የሚሉት።

ንግግር የሚሰጠው አንድ ቦታ ላይ፣ ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ስላይድ ግን ቦታ አያውቅም። ግልባጩን ስታነቢ ቁጥር ባየሽ ቁጥር «ይህ ለማን ተባለ? የት ተባለ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ስላይዱ ላይ የሚገባ ከሆነ አስገቢው። የማይገባ ከሆነ ቁጥሩን ተይው።

በዚህ ምክንያት ሁለት ስላይዶችሽን ሙሉ በሙሉ አስወጥቻቸዋለሁ። አንዷ የዕድሜ ሰንጠረዧ ነች፤ ጫጩቱ በስንት ቀኑ በዓይን ጠብታ፣ በስንት ሳምንቱ ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት በውሃ ይሰጠው የምትለዋ። ሐኪሙ ራሳቸው «ጫጩቱን ከየት እንዳመጣችሁት፣ እዚያ ምን እንደተከተበ ይወስነዋል» ብለዋል። ሰንጠረዡ ግን ይህን ሳይዝ ነው የወጣው። ሌላዋ የውሃውን መጠን የምትናገረዋ ነች። የውሃው መጠን በዶሮው ብዛትና ዕድሜ ይለያያል። ሐኪሙ ያሰሉት ለአንድ ጠያቂ፣ ለእሱ 200 ዶሮዎች ነበር። የእሱን ቁጥር 30 ዶሮ ላላት ሴት መላክ አይገባም። በሁለቱ ፋንታ አንድ ስላይድ ይበቃል፦ ክትባት ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ዶሮ፣ በስንት ሳምንታቸው፣ ከዚህ በፊት ምን እንደተከተቡ ጽፋችሁ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ። አንባቢው ይህን ብቻ ቢያደርግ ብዙ ነው።

እንዲህ ስናደርግ 12ቱ ወደ 6 ወረዱ። ፈንግል መድኃኒት እንደሌለው፣ ክትባት ግን እንዳለው የምትናገረው አንደኛ ትቀድማለች። ምልክቶቹንም እዚያው በአጭሩ ትነካለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት መጠምዘዝ። ቀጥላ ጤነኛ ዶሮ ብቻ ይከተባል የምትለዋ ነች። ሦስተኛዋ ክትባቱን ከገዙበት እስከ ቤት በበረዶ፣ ከፀሐይ ሰውሮ ስለ መውሰድ ነው። አራተኛዋ ቅድም የጻፍናት የውሃዋ ነች። አምስተኛዋ ማለዳ ስለ መስጠትና ቶሎ እንዲጠጡት ስለ ማድረግ ስትሆን፣ የጥሙ ሰዓት ሐኪሙ ከነገሩሽ በኋላ ብቻ ይሞላበታል። ስድስተኛዋ ወደ ባለሙያው የምትልከዋ ነች። ስላይድ ላይ ያስገባሻቸው ሁለቱ የሐኪሙ ቀልዶችም ወጥተዋል። አዳራሹ ውስጥ ጥሩ ነበሩ፤ ፎቶ ላይ ግን ቦታ ይዘው ቁምነገሩን ገፉት።

ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ፈተና አድርጊ። አዳራሹ ውስጥ ያልነበረ ሰው ፈልጊ፤ እናትሽም ትሆን፣ የሱቅ ጎረቤትም። ስድስቱን በአንድ ላይ አታሳዪ። አንዷን ብቻ በስልክ ላኪ። ከዚያ «ገባህ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚልሽ። «ነገ ጠዋት ተነስተህ ምን ታደርጋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚነግርሽ ሐኪሙ ከፈለጉት ጋር ከተገጣጠመ ስላይዱ ሠርቷል። «የቱ ውሃ?» ወይም «ስንት ቀን?» ብሎ መልሶ ከጠየቀሽ ያቺን ቃል ጨምሪ። እኔ ለአንድ ስላይድ ሦስት ሰው እጠይቃለሁ። ሦስቱም በየራሳቸው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ጥፋቱ የስላይዱ ነው።

ቀጥሎ ስድስቱን ለሐኪሙ ላኪላቸው። ይህን አትዝለይ። ቃሉን ስለቀየርን አሁን ኃላፊነት አለብን። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የራሴን ቃል ከትቼ «ዶክተሩ እንዳሉት» አልልም። ጥቅሱን አንሺውና ከታች «ከእንስሳት ሐኪም ትምህርት የተዘጋጀ፣ ደሴ» በይ፤ ወርና ዓመተ ምሕረቱን ጨምሪበት። ስማቸው ይውጣ አይውጣ እሳቸውን ጠይቂ። «ዶክተር፣ ያሉትን አሳጥሬ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ የተዛባ ካለ ያርሙኝ፤ ለኮምቦልቻ የጥሙን ሰዓት ስንት ልበል?» ብትያቸው በአምስት ደቂቃ ይመልሱልሻል። ያ የምንጭ መስመር በስድስቱም ላይ ይግባ እንጂ በመጨረሻው ብቻ አይሁን። ብቻዋን የምትጓዘዋ ስላይድ ከማን እንደመጣች ራሷ መናገር አለባት። «4/6» ብለሽ ቁጥርም አድርጊባት፤ ያየ ሰው ሌሎች አምስት እንዳሉ ያውቅና ይጠይቃል።

ስለ ዲዛይኑ ብዙ አልልም። 1080 በ1350 ፒክስል አድርጊው፤ ስልክ ላይ ሞልቶ ይታያል። ፊደሉ ግን ያሳስበኛል። ያንቺ ስላይዶች ላይ ዝርዝሩ በጣም ደቃቅ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል። የፊደላችን ልዩነት ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚለዩት በጎን በምትወጣ አንዲት ጭረት ነው። ደቃቅና ወፍራም አድርገሽ ስትጽፊው ጭረቷ ትዋጣለች። ዝርዝሩን ከ44 ፒክስል አታሳንሺው፤ ርዕሱን እጥፍ አድርጊው። ወፍራሙን ለርዕስ ብቻ ተጠቀሚበት። ቦታው ካልበቃሽ ፊደሉን ሳይሆን ቃሉን ቀንሺ።

የቀረው ቀድሞ የወጣው ነው። አሮጌውን ልጥፍ ከቻናልሽ አጥፊው፤ ግን ማጥፋትሽ አይበቃም። ሰው ለሰው ያስተላለፈው ቅጂ አንቺ ስታጠፊ አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ አዲሶቹን ከመልቀቅሽ በፊት አንዲት የእርማት ስላይድ ብቻዋን ልቀቂ። የድሮዋን 7ኛ ስላይድ በትንሹ አሳይተሽ በላይዋ ቀይ መስመር አስምሪባት፤ ያያት ሰው እንዲያስታውሳት። ከሥሯ «ይህን ያያችሁና የተጠቀማችሁ፦ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድላል። ዶሮዎቻችሁ እንደተከተቡ አትቁጠሩ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ» በይ። ይህችን ስላይድ «ይቅርታ» በሚል ቃል ብትጀምሪያት አመኔታ ያሳጣታል ብለሽ አታስቢ፤ ሰው አምኖ ያነባታል።

ጎረቤትሽን ግን በስላይድ አትጠብቂያት። ዛሬውኑ ቤቷ ሂጂ። ያጠጣችበትን ቀን፣ የብልቃጡን ስምና የዶሮዎቹን ብዛት ጻፊላት፤ ባዶ ብልቃጡ ካለም ይዛው ትሂድ። መድገም ይኑርባት አይኑርባት፣ መቼ እንደሆነም ባለሙያው ይነግራታል። እስከዚያው ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮ ከነሱ ጋር እንዳትቀላቅል ንገሪያት።